ሰባ ሁለት ስንኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ ጅማ አማርኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የጻፍኩትን ባለ 72 ስንኝ ግጥም ልኬልዎታለሁ። ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ስላቸው አንዱ «ስለ ቡና ማድረቅ ነው» አለ። ሌላዋ «እናት የሄደ ልጇን በተስፋ ትጠብቃለች» አለች። የትኛው ልክ ነው? ግጥሙስ እንዲህ ሲያጥር ምን ይጎድልበታል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ተማሪ የጻፈው ርዕሰ ጉዳዩን ነው። ጭብጥ ግን ግጥሙ ስለ ጉዳዩ የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ ልጅቷ ቀርባለች፤ «በተስፋ» ያለችው ላይ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ግጥምዎ ውስጥ አራት ጊዜ ከሚመላለሰው አዝማች ልነሣ፦

ቡናው አልደረቀም፣ ላገላብጠው ደግሞ፤
የሄደም ይመጣል፣ ሰንብቶና ከርሞ።

አዝማቹ መጀመሪያ ሲመጣ ወሩ ኅዳር ነው። ቡናው ገና ተለቅሞ መሰጣቱ ስለሆነ እናትየዋን እናምናታለን። መጨረሻ ላይ ስትደግመው ግን ሚያዝያ ገብቷል። ጅማ ያደገ ልጅ ደህና ፀሐይ ያገኘ ቡና በሳምንታት ጀንፈል እንደሚሆን ያውቃል። ቡናው ከደረቀ ቆይቷል ማለት ነው። እሷ ግን አልደረቀም ትላለች፤ ቡናው ከተነሣ ደጅ የምትቀመጥበት ምክንያት የላትማ! ስለዚህ እኔ ብሆን ጭብጡን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «እናት የልጇን መቅረት ላለመቀበል ስትል ያለቀ ሥራ አላለቀም ትላለች።»

ይህም ቢሆን ብዙ ይጥላል። ትልቁ ጉዳት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የእኔ ዓረፍተ ነገር የእናትየዋን ምስጢር ገና ከመጀመሪያው ያወጣዋል። በግጥሙ ግን ማንም አይነግረንም። ወሩን ቆጥረን፣ ያመንናትን ያህል ደንግጠን ራሳችን እንደርስበታለን። ያ ድንጋጤ ከጭብጡ አይነጠልም። እሷም ራሷን ያታለለችው እንደዚሁ ቀስ በቀስ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳት ቤት መምቻው ላይ ነው። «ደግሞ» እና «ከርሞ» አንድ ቤት ስለመቱ ማገላበጡና የልጁ መምጣት ለጆሮ ይተሳሰራሉ። ቡናውን ካገላበጠች የሚመጣ ያህል ይሰማናል። በዝርው ሲጻፍ ግን ሥራውና ልጁ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። የወል ቤቱም ስድስት ስድስት ቀለም እጇ ወዲያና ወዲህ ሲል ያሰማ ነበር፤ እሱም አብሮ ይቀራል።

ለእርማት አንድ መንገድ ልጠቁም። ተማሪው ጭብጡን ከጻፈ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው አዝማች ጋር እንደገና ያስተያየው። «በተስፋ ትጠብቃለች» የሚለው እስከ ጥር ድረስ ያስኬዳል፤ ሚያዝያ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ሊይዝለት ያልቻለውን አንድ ስንኝ መርጦ ከሥሩ ይጻፍ፣ ለምን እንዳልተያዘለትም ያስረዳ። ማርኩን ለዚህኛው ክፍል ከፍ ያድርጉት።