ሜትር ይዘህ ግባ

«ሰላም ጋሼ። 5 ኪሎ የምማር የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ማሽን የሚያዘጋጅ ልጅ ፈልጎ ቅዳሜ ለሙከራ ጠርቶኛል። ደንበኛ መጥቶ ‹የካውንተር ስትራይክ 2 ሴንሴን ቫሎራንት ላይ አድርግልኝ› ሲል መሥራት አለብህ ተባልኩ። ቤት ሞከርኩት። ዲፒአዩን በሴንሱ አባዝቼ ሁለቱን እኩል አደረግኩ፣ ግን ትንሽ ስነካው ስክሪኑ ይሽከረከራል። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ማባዛቱ ልክ ነው። የተጠቀምክበት ቦታ ነው ችግሩ። ተጫዋቾች ኢዲፒአይ የሚሉት ይህ ብዜት አንድ ጌም ውስጥ ሁለት ሰዎችን ለማወዳደር ይጠቅማል። ከጌም ወደ ጌም ሲሻገር ግን ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ሴንስ ጌሙ ውስጥ የምትሞላው የመዞሪያ ፍጥነት ነው፣ ሁለቱ ጌሞች ደግሞ «1» የሚሉት ነገር አንድ አይደለም።

ከማውሱ እንጀምር። 800 ዲፒአይ ማለት ማውሱን አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ስትገፋው 800 ምት ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል ማለት ነው። ጌሙ እያንዳንዱን ምት ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ሴንሱ 1 ሲሆን ካውንተር ስትራይክ 2 በአንድ ምት 0.022 ዲግሪ ያዞርሃል። ቫሎራንት ደግሞ 0.07 ዲግሪ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍለው 3.18 ይመጣል። ያበደብህ ለዚህ ነው፤ ያው ቁጥር ቫሎራንት ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ይፈጥናል።

አንድ ደንበኛ መጣ እንበል። ማውሱ 800 ዲፒአይ፣ ካውንተር ስትራይክ ላይ ሴንሱ 1.4። መጀመሪያ እጁ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድ አውጣ።

```
1.4 × 0.022 = 0.0308
360 ÷ 0.0308 = 11688
11688 ÷ 800 × 2.54 = 37.1
```

37.1 ሴንቲ ሜትር። የሰውየው እጅ የለመደው ይህን ርቀት ነው። 1.4 የርቀቱ ስም ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ጌም ቋንቋ። በቫሎራንት ቋንቋ ስሙ ማን ነው? 1.4ን ለ3.18 አካፍል፣ 0.44 ይሆናል። 0.44ን በ0.07 ብታባዛው ያው 0.0308 ይመጣል። 1.4ን እንዳለ ብትጽፍለት ኖሮ ሙሉ ዙሩ ወደ 11.7 ሴንቲ ሜትር ይወርድ ነበር። የጌም ቤቱ ማውስ 1600 ዲፒአይ ላይ ከሆነ ምቱ እጥፍ ስለሆነ ሴንሱን ግማሽ ታደርገዋለህ፣ 0.22።

እስከዚህ ያለውን ማንም ካልኩሌተር የያዘ ልጅ ይሠራዋል። ቅዳሜ ልዩነት የምታሳየው ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

የጌም ቤት ማውስ ብዙ ጊዜ ዲፒአዩ አይታወቅም። ከመሽከርከሪያው ጀርባ ያለችውን ቁልፍ የቀደመው ደንበኛ ነክቷት ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመጣም አንዳንድ ማውሶች የተሞላላቸውን ረስተው ወደ ፋብሪካ ቁጥራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመን፣ ለካ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ሜትሩን ፓዱ ላይ ዘርጋ። ቫሎራንት መለማመጃ ሜዳ ግባና የግድግዳ ጠርዝ ላይ አነጣጥር። የማውሱን ግራ ጎን ዜሮ ላይ አስይዘህ፣ ያው ጠርዝ ዞሮ መሀል እስኪመጣ ድረስ ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ግፋው። ፓዱ ካጠረ አንዴ አንስተህ መልሰህ ሁለቱን ርቀት ደምር።

0.44 ሞልተህ 37 ካገኘህ ጨርሰሃል። 30 ብታገኝስ? ማውሱ 800 አይደለም ማለት ነው፣ ወደ 1000 ነው። ግን ዲፒአዩን ማወቅም አያስፈልግህም። የሞላኸውን ሴንስ በለካኸው አባዛ፣ ለምትፈልገው አካፍል።

```
0.44 × 30 ÷ 37.1 = 0.356
```

ይህን ሙላና ድገመው። አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት። ርቀቱ እኩል ሆኖ በፍጥነት ስትገፋው ዙሩ የሚያልፍ ከሆነ አንድ ቦታ አክሰለሬሽን አለ። የማውሱን ሶፍትዌር እይ፣ ዊንዶውስ ላይም `Enhance pointer precision` የሚለውን አጥፋ። አክሰለሬሽኑ ሳይጠፋ የትኛውም ስሌት አይያዝልህም።

አሁን ሁሉም ልክ ሆኖ ደንበኛው «አሁንም የኔ አይመስልም» ይልሃል። አትከራከረው፤ እውነቱን ነው። ይህ የፊልድ ኦፍ ቪው ጉዳይ ነው፣ ስክሪኑ ስንት ዲግሪ ዓለም እንደሚያሳይ። በተለመደው ሰፊ ስክሪን፣ 16:9 ላይ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወደጎን 106 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። ቫሎራንት 103 ነው፣ አይቀየርምም። ጠባብ እይታ መሀሉን ያጎላል። ስለዚህ እጁ ያንኑ ያህል ሄዶ፣ ዙሩ ያው ሆኖ፣ የማነጣጠሪያው መስቀል አጠገብ ያለው ምስል ቫሎራንት ላይ 6 በመቶ ያህል በበለጠ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ የፈጠነ ይመስለዋል።

መሀሉን ማስተካከል ትችላለህ። የሁለቱን እይታ ግማሽ ታንጀንት ታካፍላለህ፦

```
tan(51.5°) ÷ tan(53.13°) = 0.943
0.44 × 0.943 = 0.415
```

ግን ዋጋ አለው። 0.415 ስትሞላ ሙሉ ዙሩ ከ37.1 ወደ 39.3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እይታቸው የተለያየ ሁለት ጌሞች ላይ መሀሉንም ዙሩንም አንድ ላይ ማመሳሰል አይቻልም። ይህን ለደንበኛው በግልጽ ንገረው። እኔ ብሆን 0.44ን ሰጥቼው ጥቂት ቀን እንዲጫወትበት እጠይቀዋለሁ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ዞሮ ከኋላው ያለውን መምታትም የለመደው በዙሩ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቅ እንዳትነሳ፦ «ካውንተር ስትራይክን በስንት ሬዞሉሽን ነው የምትጫወተው?» ብዙ ልጆች 4:3ን ለጥጠው ነው የሚጫወቱት። ያኔ እይታቸው 90 ዲግሪ ነው፣ ምስሉም ወደጎን ተስቧል። እንዲህ ያለው ልጅ ቫሎራንት ላይ ስታስቀምጠው ስሜቱ ይገለበጣል። ወደጎን ያለው እንቅስቃሴ 20 በመቶ ያህል የዘገየ ይመስለዋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እንዲያውም 6 በመቶ ያህል ይፈጥንበታል። ሴንሱን ብታስጨምርለት ወደጎኑ ይስተካከልና ወደ ላይ ይበልጥ ይፈጥንበታል። የመጣው ከተለጠጠው ምስል እንጂ ከአንተ ቁጥር እንዳልሆነ አስረዳው፣ ውሳኔውን ለሱ ተው።

ባለቤቱ ፊት ስትፈተን ታዲያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ ዲፒአይ፣ ሴንስና ሬዞሉሽን ጠይቅ፣ ሴንቲ ሜትሩን አውጣ፣ ሙላ፣ በሜትር ለካ። ደብተር ይዘህ የደንበኛውን ስምና ሴንቲ ሜትር ጻፍ፣ ሴንሱን ሳይሆን። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ሌላ ማሽን ላይ፣ ሌላ ማውስ ይዞ ሲቀመጥ፣ 1.4ም 0.44ም አይሠሩም። 37.1 ግን ይሠራል።