ግማሽ ሰዓት ብቻ የምትተኛ ልጅ እና የንቃት ሰዓቷ

«እናቶች እባካችሁ፣ ልጄ 5 ወር ተኩል ሆኗታል። ቀን ለማስተኛት 40 ደቂቃ እታገላለሁ፤ ከተኛች በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ትነሳለች። በስንት በስንት ሰዓት ልዩነት ነው የማስተኛት?»

አብሽሪ እህቴ። የኔው ልጅ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደሴ ነው ያሳደግኩት። ልክ በዚህ ዕድሜው ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም የቀን እንቅልፉ ከ35 ደቂቃ አላለፈም ነበርና ድካምሽ ይገባኛል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ወር ሕፃን ነቅቶ የሚቆየው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ሁለት ወር ላይ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ሦስትና አራት ወር ላይ ሁለት ሰዓት ድረስ ይሄዳል። አምስትና ስድስት ወር ላይ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዓመት ሲሞላው ሦስትና አራት ሰዓት ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። ሰዓቱን የምትይዢው ዓይኗን ከገለጠችበት ደቂቃ እስከ ተኛችበት ደቂቃ ነው። ብዙዎቻችን ከአልጋ ካነሳናት በኋላ እንቆጥርና ሩብ ሰዓት እንሳሳታለን።

ይህ ግን አማካይ ነው፤ ከልጅ ልጅ ይለያል። እንቅልፉ ሲበላሽ ከቁጥሩ ይልቅ ማወቅ ያለብሽ የንቃት ሰዓቷ ያጠረ ይሁን የረዘመ ነው። ሁለቱም በግማሽ ሰዓት ነው የሚያስነሷት፣ ስለዚህ በርዝመቱ ብቻ አትለይውም። ሕፃን አንዱን የእንቅልፍ ዙር በ45 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል፤ እዚያ ላይ እንቅልፉ ስስ ይሆንና ወይ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል ወይ ይነቃል።

የምትለይው አተኛኘቷንና አነሳሷን አይተሽ ነው። ለመተኛት ረጅም ጊዜ ወስዶባት፣ በመሃል ነጠላሽን እየጎተተች እየተጫወተች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈገግ ብላ ከተነሳች ገና አልደከማትም፤ ሰዓቷ አጥሯል። ስታስተኛት ጀርባዋን እንደ ቀስት እየለጠጠች አምርራ ካለቀሰች፣ ከዚያ ድንገት ጭልጥ ብላ ተኝታ እያለቀሰች ከተነሳች ግን ደክሟት አልፏል። የኛ ሰው «ዓይኗን አሸች፣ ተኛች ማለት ነው» ይላል። አራት ወር ካለፋት በኋላ ግን ዓይን ማሸትና ማዛጋት አሰልቺ ቦታ በመቀመጥም ይመጣል። በረንዳ አውጥተሻት ወዲያው ከነቃቃች እንቅልፍ አልነበረም።

አንቺ 40 ደቂቃ እታገላለሁ ስላልሽ የልጅሽ ሰዓት ያጠረ ይመስለኛል። የኔም እንደዚያ ነበር። ልጄ ከጠዋቱ 12:30 ይነቃል። እኔ የሦስት ወር ልማዱን ይዤ 1:50 ላይ ጡት እየሰጠሁ እሹሩሩ እጀምራለሁ፤ የሚተኛው 2:25 ላይ ነው፣ 2:55 ላይ ይነሳል። በዚያ 35 ደቂቃ ጡቱን ይዞ ያሸልባል፣ ይነቃል፣ ደግሞ ያሸልባል። ለካ የእንቅልፍ ረሃቡን እዚያው በጥቂት በጥቂቱ እያበረድኩበት ኖሯል፤ ሲተኛ የቀረው ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነው።

ማስተኛት የምጀምርበትን ሰዓት በሩብ ሰዓት ብቻ ገፋሁት፦ ሦስት ቀን 2:05 ላይ፣ ቀጣዩን ሦስት ቀን 2:20 ላይ። በየቀኑ አልቀየርኩም፤ አንድ ቀን መጥፎ ስለሆነ ተመልሶ መቀነስ ምንም አያስተምርሽም። በሰባተኛው ቀን ማስተኛቱን 2:30 ላይ ጀመርኩ፣ 2:40 ላይ ተኛ፣ 3:50 ላይ ተነሳ። አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ! በር ላይ ቆሜ ትንፋሹን እሰማ ነበር።

ስህተቴ ከዚያ በኋላ መጣ። ደስ ብሎኝ የቀኑን ንቃት ሁሉ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ለጠጥኩትና ከሰዓት በኋላ ያው ለቅሶና ጀርባ መለጠጥ ሆነ። የጠዋቱ ንቃት ከሁሉም አጭሩ፣ ከማታ እንቅልፍ በፊት ያለው ረጅሙ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። የሰመረልን ቀን እንዲህ ሆነ፦ ከ2:40 እስከ 3:50፣ ከ6:05 እስከ 7:15፣ ከ9:35 እስከ 10:10፣ ከዚያ ማታ 12:40 ላይ ለሊቱን። ለሊት ለጡት ይነሳል፣ እሱ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ አልከለከልኩትም።

አንዱ እንቅልፍ ሲከሽፍስ? ከ25 ደቂቃ በላይ አትታገይ። ተነሺ፣ መብራት አይታ ትጫወት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ሞክሪ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ተኝታ ከተነሳች ቀጣዩን ንቃት በ20 ወይም 30 ደቂቃ አሳጥሪላት፤ ያ እንቅልፍ ለሙሉ ሁለት ሰዓት ተኩል አያዘልቃትም። የመጨረሻው ጨርሶ ከቀረ ማታውን ወደ 12 ሰዓት አምጪው እንጂ 11:30 ላይ አታስተኛት።

አሁን አንድ ነገር አደራ፣ ቤትሽ ውስጥ የሚያዝል ሰው አለ? እኔን ለብዙ ቀን ያሳተኝ እሱ ነው። 11 ሰዓት ላይ አማቴ በአንቀልባ ያዝሉታል፤ ቡናው እየተፈላ፣ አቦሉ እየተቀዳ 10 ደቂቃ ጀርባቸው ላይ ያሸልባል። ማንም እንቅልፍ ብሎ አልቆጠረውም። ማታ ግን እስከ 3 ሰዓት ዓይኑ ፍጥጥ! «እማየ፣ ከ10 ሰዓት ወዲህ አይዘሉብኝ» ብላቸው «ኧረ የኔ ዓለም፣ ልጅ በጀርባ አይደል የሚያድግ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማዘሉን አላስቀረሁትም፣ ሰዓቱን ቀደም አደረግኩት። ሦስተኛው እንቅልፍ አልጋ ላይ እምቢ ይለው ስለነበር 9:30 ሲሆን እሳቸው ያዝሉታል፣ በደንብ ይተኛል፣ ከ10:15 በፊት ይወርዳል። ሲታዘል ፊቱ በነጠላም በጋቢም አይሸፈን፤ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ እዩት። አልጋ ላይ ደግሞ በጀርባው፣ ያለ ትራስ። ጋቢውን ከፈለግሽ መስኮቱ ላይ ስቀይው፤ እኔ እንደዚያ ነበር ቤቱን የማጨልመው።

ደህና ስትተኛ ቆይታ በድንገት ከተበላሸባት፣ ትኩሳት ካላት፣ ጡት ከቀነሰች ወይም ጆሮዋን ይዛ ካለቀሰች ግን ሰዓት መቁጠሩን ትተሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ከነገ ጀምሮ ምንም ሳትቀይሪ ሦስት ቀን ብቻ መዝግቢ፦ የነቃችበትን፣ ማስተኛት የጀመርሽበትን፣ የተኛችበትን፣ የተነሳችበትን፣ እየሳቀች ወይስ እያለቀሰች እንደሆነ፣ የታዘለችበትንም ጭምር። እዚህ አምጪልንና ከየትኛው እንደምትጀምሪ አብረን እናያለን።