«ከታች ያለውን ተመልከቺ»

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራ የያዘችውን ሥራ ለአዲስ ባልደረባ ልታስረክብ ነው። «ጋሼ፣ አርባ ምናምን ኢሜይል ነው። ዝም ብዬ ፎርዋርድ ላድርግላት?» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ሰዓት ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው አድርጌ ነበር።

የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ገደማ የግዢ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ለላቦራቶሪ የሚሆን የመመርመሪያ ኬሚካል ከውጭ በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ በሚሆንበት ሰነድ፣ አዘናል። ኤልሲው ላይ ሁለት ቀኖች ነበሩ። ዕቃው እስከ ማርች 15 መጫን አለበት፤ ኤልሲው ራሱ ደግሞ ኤፕሪል 5 ያበቃል። ማርች 6 ላይ ሥራው ለአንዲት አዲስ ልጅ ተሰጠ። እኔም 43 መልእክት የያዘውን ክር ላኩላት። ከላይ የጻፍኩት «ከታች ያለውን ተመልከቺና ተከታተይው» የሚል ብቻ ነበር።

ልጅቷ ታታሪ ነበረች። በየሁለት ቀኑ ወኪሉ ጋ እየደወለች «ተጫነ ወይ?» ትላለች። «ገና ነው» ይላታል። እሷም ትጠብቃለች። ክሩ መሐል፣ አሥራ ሰባተኛው መልእክት ላይ፣ አምራቹ «ሁለት ሳምንት እንዘገያለን፤ የመጫኛውን ቀን ካላራዘማችሁልን አንጭንም» ብሎ ጽፎ ነበር። ቀኑን ለማራዘም ማመልከቻውን ለባንክ የምናስገባው እኛ ነን። እሷ እነሱን ስትጠብቅ እነሱ እኛን ይጠብቃሉ። ከዚያ መልእክት በላይ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ስላለ ነገሩ ያለቀ መሰላት።

ኤልሲው አበቃ። ባንኩ አዲስ ክፈቱ አለን፤ ለውጭ ምንዛሪው እንደገና ወረፋ ያዝን። ላቦራቶሪው ናሙናዎቹን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ጀመረ።

ስብሰባ ላይ ኃላፊው «ኢሜይሉ አልደረሰሽም?» ብሎ ጠየቃት። «ደርሶኛል» አለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ያንን «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብዬ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ባንክ ልሄድ አስቤ ረስቼዋለሁ። ስብሰባው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከስድስት ወር በኋላ ሥራውን ለቀቀች።

ያን ቀን ልጽፍላት ይገባኝ የነበረው ይኸው ነው፦

«እስከ ማርች 9 ለባንኩ የኤልሲ ማሻሻያ ማመልከቻ አስገቢ። የመጫኛው ቀን ከማርች 15 ወደ ማርች 30፣ ማብቂያው ከኤፕሪል 5 ወደ ኤፕሪል 20 ይራዘም። አምራቹ ዘግይቷል፤ ማሻሻያው ሳይደርሰው አይጭንም። አሁን ተጠባቂዎቹ እኛ ነን። ዋጋና መጠን አልቋል፣ እንደገና አይነሳም። የማሻሻያውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ገና አልተወሰነም፤ ፋይናንስን ጠይቂ። ዝርዝሩ ማርች 2 በተላከው መልእክት ላይ አለ።»

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ይህን ለመጻፍ አስር ደቂቃ አይፈጅም። የሚፈጀው ንባቡ ነው። ክሩን ከታች ወደ ላይ፣ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምረሽ አንብቢው። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ቆም በይና መልስ ማግኘቱን እዪ። «እሺ» እና «ደርሶናል» መልስ አይደሉም። አባሪዎቹን ለየብቻ ፈልጊ፤ ሰው ሪፕላይ ሲያደርግ አባሪው ይቀራል፣ ስለዚህ መጨረሻውን መልእክት ብቻ ፎርዋርድ ካደረግሽ ፕሮፎርማው አብሮ አይሄድም። አንዱ ሪፕላይ ኦል ሳይል ለብቻሽ የመለሰልሽም ክሩ ውስጥ አይገኝም። በስልክ የተባለውንማ ካንቺ በቀር ማንም አያውቀውም።

ቀኖቹ ላይ ተጠንቀቂ። 03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፤ የእኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ ለይተሽ አስቀምጪ። አንድ ጊዜ «በ4 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ኢሜይል ልከን የውጭ እንግዳችን ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ መጣ። ጠዋቱን ሙሉ ስንጠብቀው ነበር።

የዛሬ ልጆች የቴሌግራም ስክሪንሾትና የድምፅ መልእክት ደርድራችሁ «አስረክቤያለሁ» ስትሉ ልቤ ይደማል። የሦስት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ አንድ ቀን ፈልጎ ማግኘት ከኢሜይሉም ይብሳል። ማስታወሻው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ባልደረባ የጻፍኩት ግን ገጽ ተኩል ነበር፤ ክርክር ያለበት ውል ስለነበር ማሳጠር አልቻልኩም። ያም ሆኖ የምፈልገው ነገር መጀመሪያው መስመር ላይ ነበር።

ማስታወሻውን ከላክሽ በኋላ ለአዲሷ ባልደረባሽ ደውይላት። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» በያት። «መርከቡን እከታተላለሁ» ካለችሽ፣ እንደገና ጻፊው።