ጠዋት የላክሁትን ማታ ትመልሳለች

«የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዕድሜዬ 28። ከአንዲት ልጅ ጋር መገናኘት ከጀመርን አንድ ወር ሊሆነን ነው። እሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ስንገናኝ ጨዋታችን አያልቅም። በቴሌግራም ግን ጠዋት የላክሁትን ማታ ነው የምትመልሰው። ደጋግሜ ብጽፍ የተንሰፈሰፍኩ እንዳልመስላት እፈራለሁ። ባለፈው ሁለት ቀን ዝም ስላት ደግሞ ‹ምነው ጠፋህ፣ ተቀየምከኝ?› አለችኝ። በቀን ስንት ጊዜ ልጻፍላት?»

ቁጥር ከፈለግህ፣ ለአንድ ወር ትውውቅ በቀን አንድ ጊዜ ጨዋታ መጀመር ይበቃል። እሷ ከመለሰች በኋላ ሃያ መልእክት ብትለዋወጡም አይበዛም። የሚከብደው መልስ ሳይመጣ በላዩ ላይ የሚደረበው ነው። አንድ ሰዓት ላይ «ደህና አደርሽ?»፣ አምስት ሰዓት ላይ «በላሽ?»፣ ስምንት ሰዓት ላይ «ምነው ዝም አልሽ?» ብለህ ላክህ እንበል። እሷ ማሽን ላይ ናት። ከፈረቃ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ታነባቸዋለች። አንተ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያወጣኸው ጭንቀት ለእሷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳታል፤ የመጨረሻው ደግሞ ወቀሳ ነው። ስለዚህ ያልተመለሰ መልእክት ካለ፣ ቀጠሮ የሚለውጥ ነገር እስካልመጣ ድረስ እስከ ማግስቱ ተወው።

ስልክህን የሚያስነካካህ መልሱ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅህ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእርግቦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ምግብ በማይገመት አኳኋን የተሰጣቸው ወፎች ምግቡ ከተቋረጠ በኋላም ሳይታክቱ ምግብ ያመጣላቸው የነበረውን ቁልፍ ሲነቁሩ ታይተዋል። መልስ የሚጠብቅ ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ቀን ሆን ብለህ ስትጠፋ ደግሞ ያንኑ ጭንቀት ለእሷ አስተላለፍህ፤ ኩራት መስሎህ ከሆነ፣ እሷ የተረዳችው ቅያሜ ነው።

መድኃኒቱ ሰዓቱን ማወቅ ነው። እሑድ ስትገናኙ «ከሥራ ስትወጪ ልጻፍልሽ ወይስ ካረፍሽ በኋላ?» ብለህ ጠይቃት። ስትጽፍም «አዎ» ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄ ተው። ስለ አለቃዋ ቁጣ ነግራህ ከነበረ «ዛሬስ ምን አለችሽ?» በላት፤ መልሱ ራሱ ይረዝማል።

ያለፉትን ሁለት ሳምንታት መልእክቶች ወደ ላይ ወጥተህ አንብባቸው። ዘግይታም ቢሆን ዘርዝራ የምትጽፍ፣ መልሳ የምትጠይቅ ከሆነ ሥራ ይዟት ነው። «አለሁ»፣ «እሺ» ብቻ እያለች፣ እሑዱንም ሌላ ቀን ሳትተካ የምትሰርዝ ከሆነ ግን ፍላጎቷ ቀዝቅዟል፤ ያን ጊዜ መልእክት ብታበዛም ብትቀንስም የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ፊት ለፊት ጠይቃት። ሁለት ቀን መጥፋትህን ቆጥራ የጠየቀች ልጅ ግን ከዚህኛው ወገን አትመስለኝም። ፈረቃዋ ወደ ሌሊት ሲዞር ሰዓቱን እንደገና ተነጋገሩበት።