ነጩን ቀሚስ ቢጫና ጥቁር ለምታደርጉ ልጆች

ባሕር ዳር ቀሚስ አሰፍተው በስልክ የሚሸጡ ልጆች በዝተዋል። አንድ ነጭ ቀሚስ ያሰፋሉ፣ አንዲት ልጅ ያለብሳሉ፣ ጣና ዳር ወስደው ያነሷታል። ከዚያ በዚያችው ፎቶ ላይ ቀለሙን በኮምፒውተር እየቀየሩ ቢጫውንም ጥቁሩንም ይሸጣሉ። ነገሩ ክፋት የለውም። ጨርቁ አንድ ዓይነት እስከሆነና ቀለሙ በእርግጥ ሱቃችሁ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ሞዴል መክፈል ግዴታ አይደለም። እኔም ከፎቶ ጋር ነው ያረጀሁትና የምመክራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ጥላው።

ብዙዎቻችሁ ፎቶሾፕ ውስጥ መጀመሪያ የምትከፍቱት Hue/Saturation ነው። ቀይን ወደ አረንጓዴ ለመውሰድ አንዳንዴ ይሠራል። ነጭ ላይ ግን ብትጎትቱት ብትጎትቱት ምንም አይመጣም፣ ነጭ የሚዞር ቀለም የለውማ። Colorize ብትሉት ደግሞ የጨርቁን ድምቀት እንዳለ ይዞ ላዩን ብቻ ይቀባዋል። እና የታጠበ፣ የገረጣ ነገር ይወጣል። ጥቁርማ ጭራሽ አይታሰብም።

ስለዚህ ከነጩ ቀሚስ እንነሳ። ስታነሱ ትንሽ ጨለም አድርጉት። የባሕር ዳር የረፋድ ፀሐይ ነጭ ጥጥ ላይ ሲያርፍ ትከሻውና ጡቱ አካባቢ ያለው እጥፋት ድራሹ ይጠፋል። ፎቶው ላይ ያልተያዘ እጥፋት በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። ዛፍ ጥላ ውስጥ ብትገቡ ይሻላል። ግን ጥላ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከላይ ሰማዩ ስለሚያበራ የነጭ ጨርቅ ጥላ ሰማያዊ ይሆናል። በዓይናችሁ ላታዩት ትችላላችሁ፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ያ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ብትደርቡበት እጥፋቱ አረንጓዴ ይሆንባችኋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀሚሱን በጥንቃቄ ለይታችሁ ማስክ ያለው ግሩፕ ሥሩ። ጥለቱን ከማስኩ አውጡት። የአንገቱና የግርጌው ጥለት በድርና ማግ የገባ የራሱ ቀለም ስላለው አብሮ ከተቀባ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቅባችኋል። ግሩፑ ውስጥ መጀመሪያ Black & White የሚለውን አስገቡ። ሰማያዊው ይሄዳል፣ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። በላዩ ላይ Solid Color ጨምሩና Multiply አድርጉት።

Multiply የሚሠራው በማባዛት ነው። ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ ካለው ቁጥር የታችኛውን በላይኛው ያባዛና ለ255 ያካፍለዋል። ጨርቅም በግርድፉ እንደዚሁ ነው፤ የደረሰውን ብርሃን ሁሉ አይመልስም፣ ቀለሙ የፈቀደለትን ያህል ነው የሚመልሰው። ለዚህ ነው ነጭ መነሻ የሚመቸው።

አሁን ቢጫ እንሞክር፤ #F2C230 እንበል። ብርሃን ያለበት ቦታ ያምራል። እጥፋቱ ውስጥ ግን የቆሸሸ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ ቀለም ታያላችሁ። ቢጫ ሲጨልም እንዲህ ነው። እውነተኛ ቢጫ ቀሚስ ግን እጥፋቱ ውስጥ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ምክንያቱም እዚያ የገባው ብርሃን ከአንዱ የእጥፋት ግድግዳ ነጥሮ ሌላውን ይመታል። ሁለት ጊዜ በቢጫ ስለሚያልፍ ቀለሙ ይጠናበታል፣ ይሞቃል። ስለዚህ Curves ክፈቱና ከጥላው በኩል ብቻ አረንጓዴውን ትንሽ፣ ሰማያዊውንም ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ብርሃን ያለበትን አትንኩ። ትንሽ ስል ትንሽ ማለቴ ነው፣ እጥፋቱ ከጠራ በቂ ነው። በቀይም ይኸው ይሠራል። ስለ ሰማያዊ ብዙ አልጨነቅም፣ ሲጨልምም ሰማያዊ ነው።

ጥቁሩ ነው ሰው የሚፈታተነው። አንድ ጎረምሳ ያሳየኝ ፎቶ ላይ ቀሚሱ ከጥቁር ወረቀት ተቆርጦ ልጅቷ ላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ቁጥሩን ብናይ ይገባናል። ነጩ ላይ ብርሃን ያለበት ቦታ 235፣ እጥፋቱ ደግሞ 150 ነበር እንበል። ጥቁሩን 26 አድርጋችሁ ስታባዙ 235ቱ 24 ይሆናል፣ 150ውም 15 ይሆናል። በ24ና በ15 መካከል ስልክ ላይ ማን ልዩነት ያያል? ቀሚሱ ድፍን ሆነ ማለት ነው።

እውነተኛ ጥቁር ጨርቅ ግን እጥፋቱ ይታያል። ቀለም የገባው ክር ውስጥ ነው። ከክሩ ላይ ላዩን ተንሸራቶ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙ ውስጥ ስላልገባ የብርሃኑን ቀለም ይዞ ይመለሳል። ነጭ ላይ ይህ ብልጭታ በድምቀቱ ይዋጣል፣ ጥቁር ላይ ግን የምናየው ከሞላ ጎደል እሱን ነው። Multiply ደግሞ ይህንን አያውቅም። እኛ እንጨምርለት። የቀሚሱን ኮፒ ግራጫ አድርጋችሁ ከSolid Color በላይ አስቀምጡት። በCurves እጥፋቱን ድፍን ጥቁር አድርጉት፣ ብርሃን ያለበትን ብቻ ወደ ነጭ ግፉት። ከዚያ Screen አድርጉና Opacity ወደ 12 ከመቶ አውርዱት። የ24ቱ ቦታ ወደ 50 ገደማ ይወጣል፣ የእጥፋቱ 15 ባለበት ይቀራል። ያኔ ጨርቁ ይነሳል። ለጥጥ ከዚህ ብዙም አትጨምሩ፤ ካበዛችሁት ሳቲን ይመስላል፣ ደንበኛዋም ሳቲን ነው ብላ ታዛለች።

ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ሰዎች የሚረሱት አገጯን ነው። ነጭ ቀሚስ ብርሃን ወደ ላይ ስለሚወረውር አገጭና የክንድ ውስጥ በርቶ ይታያል። ጥቁር ቀሚስ ያን ብርሃን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከአገጭ ሥር በለስላሳ ብሩሽ ጥቂት አጨልሙ። ቢጫ ሲሆን ደግሞ እዚያው ላይ ቢጫ ጣል አድርጉበት፣ 8 ወይም 10 ከመቶ። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም፣ “ኤዲት ነው” ብሎ ብቻ ያልፋል። እግረ መንገዳችሁን ኮሌታውንና ፀጉሯ ቀሚሱን የሚነካበትን ቦታ 100 ከመቶ አጉልታችሁ እዩ። ማስኩ አንድ ፒክስል ካጠረ ጥቁሩ ዙሪያ ነጭ መስመር ይቀራል።

ስትጨርሱ ቢጫውን፣ ቀዩንና ጥቁሩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርጓቸው። ቢጫው ፈካ፣ ቀዩ መሃል፣ ጥቁሩ ጨለም ብለው መታየት አለባቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ የቀየራችሁት ስሙን ብቻ ነው። ከዚያ የእውነተኛውን ጨርቅ ቁራጭ ሞዴሏ በቆመችበት ብርሃን አንስታችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት።

የማይሠራበትም አለ። ከጥቁር ተነስታችሁ ነጭ ለማድረግ አትድከሙ። ጥቁሩ ውስጥ እጥፋቱ በጣም ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ታጭቋል፣ ሲፈካ አብሮ የሚወጣው የካሜራው ኖይዝ ነው። ስስ ሸማም እንዲሁ ነው። ነጭ ሸማ ሥር የክንዷ ቆዳ ያሳልፋል። ጥቁር ሸማ ሥር ግን ቆዳው የሚታይበት መጠን ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ ከነጩ ፎቶ ላይ ማወቅ አይቻልም። ለሸማ ጥቁሩንም አሰፉና ልጅቷን መልሳችሁ አንሷት።