የተሰበረ እጀታ በኢንፔይንቲንግ ማስተካከል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 1024 በ1024 የሆነ የነጭ ኩባያ ምስል አለኝ። ሁሉም አምሮልኛል፤ እጀታው ብቻ ከታች ከኩባያው ጋር ሳይገናኝ አየር ላይ ቀርቷል። በኤአይ ምስል በሚሠራው ፕሮግራም በአውቶማቲክ1111 እንደገና የሚሠራውን ቦታ በማስክ እየቀባሁ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ስብራት ይመለሳል።

መልስ፦ የእጀታውን ጠርዝ ተከትለህ የቀባህ ይመስለኛል። ሞዴሉ የሚሠራበት ቦታ በተሰበረው ቅርጽ ልክ ከተሰጠው ያንኑ ቅርጽ መልሶ ይሞላል። በእጀታው መሀል ያለውን ክፍተት ጨምርና ቀባ፤ ከላይም ከታችም መጋጠሚያው አጠገብ የኩባያውን ገላ ትንሽ ንካ። እጀታው ጠረጴዛው ላይ ጥላ ከጣለ ጥላውም ይሸፈን። እኔ ይህን ረስቼ አዲሱ እጀታ የድሮውን ስባሪ ጥላ ይዞ ቀርቶብኛል።

ከዚያ Masked content የሚለው original ላይ ይሁን፣ Inpaint area ደግሞ Only masked ላይ። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ የቀባኸውን አካባቢ ቆርጦ ያወጣል፣ ባዘዝከው መጠን አሳድጎ ይሠራዋል፣ ከዚያ አሳንሶ ቦታው ይመልሰዋል። ፕሮምፕቱም ቆርጦ ያወጣውን ብቻ ይግለጽ። መስኮቱን፣ ጠረጴዛውንና ብርሃኑን የሚዘረዝረውን የድሮ ፕሮምፕት ከተውክለት እጀታው ውስጥ ትንሽ መስኮት ሊሥልልህ ይችላል።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሞዴሉ የነበረውን ምን ያህል እንደሚቀይር የሚወስነውን Denoising strength ወደ 0.3 ማውረድ ነው። ከፍ ካለ የቀረውን ምስል ይረብሻል።

መልስ፦ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ውጤቱ ከነበረው ብዙ አይርቅም፤ እስከዚህ ልክ ነህ። የቀረውን ምስል የሚጠብቀው ግን ማስኩ እንጂ ያ ቁጥር አይደለም። በ0.3 ስብራቱም አብሮ ይጠበቃል። ቅርጽ ለመቀየር እኔ ከ0.75 እጀምራለሁ፤ 0.3 የሚጠቅመው ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ገጽታውን ለማለስለስ ነው።

በአራት አምስት ሙከራ ካልመጣ ቁጥሩን ማባበል ትቼ ራሴ እሥለዋለሁ። ምስሉን በሥዕል ማረሚያ ከፍቼ የኩባያውን ቀለም እወስድና በወፍራም ብሩሽ ከላይ እስከ ታች የሚገናኝ ቅስት አሠምራለሁ፤ ውስጡን ትንሽ ጠቆር አደርገዋለሁ። የሕፃን ሥዕል ቢመስልም ግድ የለም። ያንን አስገብቼ በ0.5 አካባቢ ሳስኬደው ቅርጹን ከእኔ፣ ብርሃኑንና ልስላሴውን ከሞዴሉ አገኛለሁ። እጄ ሥዕል አያውቅም፤ ግን ሠርቶልኛል።

ጥያቄ፦ እኔ እጀታው ተስተካክሎልኛል፤ ግን የሌላ ኩባያ እጀታ ይመስላል። በጣም ገዝፏል፣ ብርሃኑም በተቃራኒ በኩል ነው።

መልስ፦ በማስኩ ዙሪያ ስንት ፒክስል አብሮ እንደሚቆረጥ የሚወስነው Only masked padding ስንት ላይ ነው? ካልነካሽው 32 ይሆናል። ማስክሽ 180 በ240 ፒክስል ቢሆን ሞዴሉ የሚያየው 300 በ300 ገደማ የሆነ ቁራጭ ነው፤ በዚያ ውስጥ ኩባያው ከአንድ ነጭ ጠርዝ በላይ አይታይም። የኩባያውን ልክ ሳያይ እጀታውን ከምን ጋር ያመዛዝነው? ወደ 120 አድርሺው፤ ቁራጩ 480 ገደማ ይሆንና የኩባያው ገላ ከነብርሃኑ ይገባል። ከመጠን በላይ ካበዛሽው ደግሞ እጀታው በቁራጩ ውስጥ እያነሰ ይሄዳል፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የእኔ ኩባያውን የያዘው እጅ ስድስት ጣት አለው። እጀታው ደህና ነው። ያው ነው አይደል?

መልስ፦ ጥያቄው ስለ እጀታ ነበር፤ ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ትርፉን ጣት ብቻ ከቀባህ ብዙ ጊዜ ጣት ይመልስልሃል። መጀመሪያ ትርፉን ጣት ከጀርባው ባለው ቀለም ደምስሰው፣ ከዚያ ቦታውን አስኬድ።

ጥያቄ፦ እኔ በሌላ ፕሮግራም፣ በኮምፊዩአይ ነው የምሠራው። Set Latent Noise Mask አድርጌ እጀታውን ብቻ ቀየርኩ፤ ግን ከማስኩ ውጭ ያለው ጽሑፍም ትንሽ ተንሻፏል። ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንህ ደህና ነው። ማስኩ የሚከለክለው በስሌቱ ጊዜ ነው፤ ምስሉ በሙሉ ግን ቪኤኢ በሚባለው የሞዴሉ ክፍል ተጨምቆ ተመልሶ ይፈታል፣ እዚያ ላይ ጥቃቅን ነገር ይጠፋል። ደጋግመህ ባስኬድከው ቁጥር ይብሳል። መጨረሻ ላይ ImageCompositeMasked የሚባለውን ኖድ ጨምርና አዲሱን እጀታ በዋናው ምስል ላይ በማስኩ በኩል ለጥፈው። አውቶማቲክ1111 ይህን ልጥፍ ራሱ ይሠራዋል።

ለማረጋገጥ ሁለቱን ምስሎች በሥዕል ማረሚያ ደራርበህ የላይኛውን Difference አድርገው። ከማስኩ ውጭ ሙሉ ጥቁር ካልሆነ አንድ ነገር ተነክቷል። ስታስቀምጥም PNG ይሁን፤ JPEG ራሱ ምስሉን ሁሉ ይነካካል።

ጥያቄ፦ ኩባያዬ ባለ ጌጥ ነው። እጀታው ገጠመ፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው መስመር ግን አይቀጥልም። Mask blur ከ4 ወደ 16 ባደርገውስ?

መልስ፦ የቀለም ልዩነት ቢሆን ኖሮ ይረዳ ነበር፤ ሁለቱን ጠርዝ እርስ በርስ ያደባልቃል። የተቋረጠ መስመርን ግን ያደበዝዘዋል እንጂ አያገናኘውም። እኔ መስመሩን በእጄ ሥዬ በ0.35 አስኬደዋለሁ፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም። የተሻለ መንገድ ያገኘ ካለ እኔም ልስማ።