የእናቴን ዶሮ ወጥ ወረቀት ላይ እንዴት ላስፍረው?

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ እናቴ በድምፅ የላከችልኝ ይሄ ነው። «ዶሮዋን በሎሚና በጨው አጥበሽ፣ ሽንኩርቱ ብዙ ይሁን፣ ብቻውን አቁላይው፣ ከዛ ዘይት፣ በርበሬ፣ እንዳያርብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፤ ቅቤውን መጀመሪያ ትንሽ፣ መጨረሻ ትንሽ፤ እንቁላሉን ቀድመሽ ትቀቅያለሽ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንዳትረሺ፤ ስታወጪው መከለሻ።» ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ አዳምጪው። በመጀመሪያው የሚበላና የሚጠጣ ነገር በሰማሽ ቁጥር ስሙን ብቻ ጻፊ። በሁለተኛው «አጥበሽ»፣ «አቁላይው»፣ «ትቀቅያለሽ» የሚሉትን ያዢ። እነሱ ናቸው ቅደም ተከተሉን የሚሠሩት። እንቁላሉ መሃል ላይ ቢነሳም «ቀድመሽ» ብላለች፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። ጨው ደግሞ ለማጠቢያ እንጂ ለወጡ አልተጠራም። እናቶች ጨውና ውሃን አይቆጥሩም፣ አንቺ ቁጠሪ።

መጠኖቹ ከኔ ድስት ናቸው፤ ከእናትሽ ጋር አስተያይው።

- ቀይ ሽንኩርት፣ ተልጦ የተመዘነ፣ አድቅቆ የተከተፈ፦ 1.5 ኪሎ
- ዶሮ፣ በ12 ብልት የወጣ፦ 1
- ለማጠቢያ፦ 2 ሎሚ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው
- እንቁላል፦ 6
- ዘይት፦ 1 ሲኒ
- ንጥር ቅቤ፦ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ በሁለት ተከፍሎ (4 እና 2)
- በርበሬ፦ 8 የሾርባ ማንኪያ
- የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ዝንጅብል 1 የሾርባ ማንኪያ
- ሙቅ ውሃ፦ እስከ 1 ሊትር
- መከለሻ፦ 1 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፦ ተቀምሶ

1. ዶሮውን በሎሚና በጨው ውሃ ዘፍዝፈሽ እጠቢ፣ አጠንፍፊ።
2. እንቁላሉን ቀቅለሽ ላጪ።
3. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት 40 ደቂቃ ያህል አቁላይ፣ ውሃው እስኪመጥና እስኪጠቁር።
4. ዘይቱንና 4 ማንኪያ ቅቤ ጨምሪ።
5. በርበሬውን ጨምረሽ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ 30 ደቂቃ አማስይ።
6. ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ 10 ደቂቃ።
7. ዶሮውን ጨምሪ። የፈረንጅ ከሆነ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሐበሻ ዶሮ በጣም ይቆያል።
8. ጨው ቅመሺ፤ የቀረውን ቅቤ፣ መከለሻውንና እንቁላሉን ጨምረሽ 5 ደቂቃ።

ደቂቃው መመሪያ ነው፤ ዋናው «እስኪ» የሚለው ነው። እሳትሽና ድስትሽ የእናትሽ አይደሉም።

ጥያቄ (ሌላ አባል)፦ ዝርዝሩ ከብዙ ወደ ትንሽ ቢደረደር አይሻልም? ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ ከዛ ወደ ቅመም።

መልስ፦ ለገበያ አዎ፣ ልክ ነህ። ከምድጃው ፊት ለቆመ ሰው ግን ሥራ ላይ በሚውልበት ተራ ቢሆን ይሻላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከላይ ሽንኩርቱን ያስቀደምኩት ክብደቱ አሳስቶኝ ነው፤ ዶሮውና እንቁላሉ ይቅደሙ።

ጥያቄ፦ እናቴ «በዓይን ነው» ብላ ትስቃለች። በርበሬውን እንዴት ልለካ?

መልስ፦ እጇን አታስቁሚ። የበርበሬውን ዕቃ ሳትጀምር መዝኚው፣ ስትጨርስ መዝኚው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ለቅቤውም እንደዚሁ፣ ግን ከሁለተኛው ጭልፋ በፊት አንድ ጊዜ ጨምረሽ መዝኚ፤ ያለዚያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተደባልቆ ይቀራል። ለውሃው 1 ሊትር ጆግ ሙይላት፣ የተረፈውን እይ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የኔ ወጥ ሁሌ ይመራል። ዝርዝሬን ልላክልህ፣ የቱ በዛ?

መልስ፦ ዝርዝርህ ላይ አይገኝም፤ እርምጃህ ላይ ነው። በርበሬው በደረቅ ድስት ሲያርር ይመራል፤ የነጭ ሽንኩርት ማረርም እንደዚሁ። ወረቀትህ ላይ «በርበሬ ጨምር» ብቻ ከሆነ ውሃዋን እዚያው መስመር ላይ ጻፋት። ቀጣዩ መስመር ላይ ከሆነች አንብበህ እስክትደርስ አርሯል።

አስተያየት (እናት ነኝ ያሉ)፦ ጨውንም በማንኪያ ቁረጡት እንጂ ልጆቼ! «ተቀምሶ» ብሎ ነገር ለጀማሪ አይሆንም።

መልስ፦ እማማ፣ ብቆርጠው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንዳንዱ ሰው በርበሬውን ከነጨው ያስፈጫል፣ አንዳንዱ ያለ ጨው። የእርስዎ 1 ማንኪያ ለሌላው ባሕር ሊሆን ይችላል። በርበሬው ጨው እንዳለው ከስሙ አጠገብ ይጻፍ፣ ያኔ ማንኪያ መቁረጥ ይቻላል።

አስተያየት (እኚሁ እናት)፦ ይሁን። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ከበርበሬው በፊት ነው የሚገባው፤ እኛ ቤት እንደዛ ነው።

መልስ፦ እኛ ቤት በኋላ ነው። ጠያቂዋ እናቷን ትጠይቅ፤ በድምፁ ላይ «እንዳትረሺ» ብቻ እንጂ መቼ እንደሆነ አላሉም።